ከብድሩ ጋር ተጣብቆ የመጣውን ኢንሹራንስ ብቻ ማስወጣት ይቻላል? ብድሩም ወለዱም ሳይነካ

ወርኃዊት

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓመት ከባንክ ብድር ወስጃለሁ፣ የአራት ዓመት፣ ወለዱ 15 በመቶ። ሲሰጡኝ «ጥቅል ነው» አሉኝ። ብድሩ፣ ካርዱ፣ የሞባይል ባንኪንጉ፣ የመልእክት ማሳወቂያው ሁሉም አንድ ላይ። በጥቅሉ ስለሆነ ወለዱም ይቀንስልሻል ተባልኩ።

ሰሞኑን የክፍያ ሰንጠረዡን ለሌላ ጉዳይ ፈልጌ ሳወጣው የመጀመሪያው መስመር ላይ መነሻ ዕዳው 106,000 ይላል። ሒሳቤ ውስጥ የገባው ግን 100,000 ነው። ስጠይቅ «6,000ው የኢንሹራንስ አረቦን ነው፣ አንዴ ተከፍሏል፣ ብትሞቺ ወይ ሥራ ብታጪ ዕዳሽን ይከፍልልሻል» አሉኝ። መሥሪያ ቤቴ ሌላ የሕይወት መድን ገብቶልኛል። ይኼኛውን አልፈልገውም። እንዲወጣልኝ ስጠይቅ ደግሞ «ጥቅል ስለሆነ አይነጠልም፣ ከፈለግሽ ብድሩን ዘግተሽ አዲስ ትወስጃለሽ» የሚል መልስ ሰጡኝ።

እውነት አይነጠልም? ብድሩን መንካት አልፈልግም። ካርዱንም እፈልገዋለሁ። 12 ወር ከፍያለሁ፣ 36 ወር ይቀረኛል።

---

ቀጥታ_ተናጋሪ

እህቴ አትልፊ። ያልፈለግሽውን ነገር የመክፈል ግዴታ የለብሽም። ከወርኃዊ ክፍያሽ ላይ የኢንሹራንሱን ድርሻ ቀንሰሽ የቀረውን ብቻ ክፈይ። ራሳቸው ደውለው ይለምኑሻል። እኔ የማልፈልገውን አገልግሎት ሁሌም እንዲህ ነው የማስቆመው፣ ከሒሳቤ እንዳይቆረጥ አደርጋለሁ፣ አለቀ።

---

የብድር_ክፍል

ወርኃዊት፣ እባክሽ ከላይ የተባለውን አታድርጊ። ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ በዚህ መንገድ የተበላሸ ፋይል ብዙ አይቻለሁ።

ቀጥታ_ተናጋሪ ያለው በየወሩ ለብቻው ለሚቆረጥ አገልግሎት ይሠራል። የሷ ግን እንደዛ አይደለም። አረቦኑ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ ለመድን ድርጅቱ ተከፍሏል። የከፈለው ባንኩ ነው፣ ከዚያ ገንዘቡን ዕዳዋ ላይ ደምሮታል። ስለዚህ አሁን በየወሩ የምትከፍለው «የኢንሹራንስ ድርሻ» የሚባል ነገር የለም። የ106,000 ብድር ክፍያ ብቻ ነው ያለው። ቀንሳ ብትከፍል ሲስተሙ ያጎደለችውን እንደ ውዝፍ ብድር ነው የሚይዘው። ቅጣት ይመጣል፣ ከዚያ የብድር ታሪኳ ላይ ይጻፋል። ኢንሹራንሱ ግን ንቅንቅ አይልም።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ «አይነጠልም» ያለሽ ሰው ምናልባት ያልዋሸሽ ይሆናል። እሱ የሚያየው ስክሪን ላይ ጥቅሉ አንድ ኮድ ነው፣ መነጠያ ቁልፍ የለውም። በወረቀት ግን ሁለት ውል ነው ያለሽ። አንዱ የብድር ውል ነው፣ ሌላው የመድን ሽፋን ነው፣ የራሱ ቁጥር፣ የራሱ አንቀጽ፣ የራሱ የስረዛ ደንብ ያለው። መነጠል የሚቻለው በወረቀቱ ላይ ነው፣ ቅርንጫፍ ያለው ስክሪን ላይ አይደለም።

ሦስት ነገር ፈልጊልኝ። አንደኛ፣ የመድን ሰርተፍኬቱ እጅሽ ላይ አለ? ሁለተኛ፣ በብድር ውሉ ውስጥ ስለ ወለድ የሚናገረው አንቀጽ «መድኑ እስካለ ድረስ» ወይም «ጥቅሉ እስከቀጠለ ድረስ» የሚል ሐረግ አለው? ሦስተኛ፣ መድኑ ለብድሩ መፈቀድ ቅድመ ሁኔታ ነው ወይስ «ተበዳሪው የመረጠው» ነው የሚለው? መልሱ እነዚህ ላይ ነው ያለው።

---

ቶሎ_ልጨርስ

ብድሩን ቶሎ መዝጋት ከፈለግሽ ቅድሚያ ክፍያ ቅጣት ካለ መጀመሪያ ጠይቂ። እኔ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ ከፍዬ ዘጋሁት። አሪፍ ነው።

---

ወርኃዊት

ቶሎ_ልጨርስ፣ አመሰግናለሁ ግን መዝጋት አይደለም የፈለግሁት፣ ብድሩ ይቀጥል ነው ያልኩት።

የብድር_ክፍል፣ ፈልጌ አገኘሁ። ሰርተፍኬቱ አንድ ገጽ ናት፣ ከውሉ ጀርባ ተያይዛ። «የቡድን ፖሊሲ» ይላል፣ ባለ ፖሊሲው ባንኩ ነው፣ እኔ «የመድን ተጠቃሚ አባል» ነኝ። የወለድ አንቀጹ «የተመረጠ የጥቅል ደንበኛ መጠን» ይላል፣ ከሱ በታች በደቃቅ ፊደል «ደንበኛው ከጥቅሉ አገልግሎቶች አንዱን ሲያቋርጥ ባንኩ መጠኑን ወደ መደበኛው ሊመልስ ይችላል»። መደበኛው ስንት እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። ግዴታ ነው ወይስ ምርጫ ለሚለው፣ ማመልከቻው ላይ «መድን እፈልጋለሁ» የሚል ሳጥን አለ፣ ምልክቱ በማተሚያ ነው የተደረገው፣ በእስክሪብቶ አይደለም።

---

የካሳ_ዴስክ

እኔ በመድን በኩል ነኝ፣ የካሳ ጥያቄ ነው የማየው፣ ስለ ባንኩ ብዙ አላውቅም። ግን «የቡድን ፖሊሲ» የምትለው ቃል ለምን አስፈላጊ እንደሆነች ልንገርሽ።

በቡድን ፖሊሲ ከመድን ድርጅቱ ጋር የተዋዋለው ባንኩ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ መድን ድርጅቱ ብትሄጂ «በባንክሽ በኩል ነይ» ይሉሻል። ባንኩ ደግሞ «መድኑ የኛ አይደለም» ይልሻል። ሰው መሃል ላይ የሚቀረው እዚህ ነው። መፍትሔው አንድ ደብዳቤ ጽፈሽ ለሁለቱም መስጠት ነው። ባንኩ የአባልነት ስረዛውን ያሳልፋል፣ መድን ድርጅቱ ደግሞ ተመላሹን ያሰላል። አንዳቸው ዝም ቢሉ ሌላው ጋ የተቀበሉበት ማኅተም ወይም ኢሜይል አለሽ።

ሌላው፣ አንድ ዓመት ስላለፈ የመጀመሪያዋ ነፃ የመሰረዣ ጊዜ አልፋሻለች። ብዙ ውሎች 14 ወይም 30 ቀን ይሰጣሉ፣ በዚያ ውስጥ ከተሰረዘ አረቦኑ ሙሉ ይመለሳል። ከዚያ በኋላም መሰረዝ ይቻላል፣ የሚመለሰው ግን ያልተጠቀምሽበት ጊዜ ድርሻ ነው።

ሳትሰርዢ በፊት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን መድን በደንብ እዪው። ሥራ ስትለቂ አብሮ የሚቋረጥ ከሆነ ያን ቀን ባዶ እጅሽን ነሽ። በዕድሜ ወይም በጤና ምክንያት አዲስ ሽፋን ማግኘት የሚከብደው ሰው ይህን መጀመሪያ ማጣራት አለበት። እኔ ይህን የምለው ባንኩን ለመከላከል አይደለም። ቤተሰብ ዕዳ ይዞ ሲቀር በየጊዜው አያለሁ።

---

ሒሳብ_ወዳድ

ቁጥሩን ልሥራልሽ፣ ያኔ መወሰን ይቀልሻል።

100,000 በ15 በመቶ በ48 ወር ሲከፈል ወርኃዊው 2,783 ገደማ ነው። 106,000 ሲሆን 2,950 ገደማ። ልዩነቱ በወር 167 ነው። በ48 ወር ተባዝቶ 8,015 ገደማ ይሆናል። ማለትም 6,000 ያሉሽ ኢንሹራንስ አንቺን የሚያስከፍልሽ 8,000 ነው፣ ምክንያቱም በአረቦኑ ላይም ወለድ እየከፈልሽ ነው። «አንዴ ተከፍሏል» የሚለው ለመድን ድርጅቱ ነው እንጂ ለአንቺ አይደለም።

አሁን ከ12 ክፍያ በኋላ ቀሪ ዕዳሽ 85,100 ገደማ መሆን አለበት። ሰንጠረዡ ላይ አይተሽ አረጋግጪ።

ተመላሹ በቀጥታ በጊዜ ከተሰላ፣ ከ48 ወር 36 ስለቀረ፣ ከ6,000 ውስጥ 4,500 ይመለሳል። አንዳንድ ፖሊሲዎች ግን ሌላ ስሌት አላቸው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ክብደት ይሰጣሉ፣ ለመጨረሻዎቹ ትንሽ። የመጀመሪያው ወር 48 ነጥብ፣ ሁለተኛው 47 እያለ እስከ 1 ይወርዳል። ድምሩ 1,176 ነው፣ የቀሩት 36 ወራት ድርሻ 666። በዚህ ስሌት የሚመለስልሽ 3,398 ነው። ከ1,100 በላይ ልዩነት አለው። ስለዚህ «ይመለስልሻል» ሲሉሽ ዝም አትበይ፣ በየትኛው ስሌት ብለሽ ጠይቂ።

---

ቀጥታ_ተናጋሪ

ይኸው፣ ሁለተኛው ስሌት ዘረፋ ነው።

---

የካሳ_ዴስክ

ሁልጊዜ አይደለም። ዕዳው እየቀነሰ ሲሄድ ሽፋኑም አብሮ የሚቀንስ ከሆነ፣ መድን ድርጅቱ ትልቁን ኃላፊነት የተሸከመው መጀመሪያ ላይ ነው። በመጀመሪያው ወር ብትሞት 106,000 ይከፍላል፣ በመጨረሻው ወር ሦስት ሺህ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጊዜ ብዙ መያዙ ምክንያት አለው። ሽፋኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በሁለተኛው ስሌት ከመለሱልሽ ግን ያ ልክ አይደለም፣ ተከራከሪ። የሽፋኑ መጠን ሰርተፍኬቱ ላይ «ቀሪ ዕዳ» ወይስ «የተወሰነ መጠን» ተብሎ እንደተጻፈ እዪ።

---

መስመር_2

የኔ የስልክ ነው፣ ይቅርታ ክሩን ላለማስቀየስ እሞክራለሁ፣ ግን ነገሩ አንድ ስለመሰለኝ ነው።

ወርኃዊ የስልክ ጥቅል አለኝ፣ ድምፅና ዳታ። ከሱ ጋር የቀፎ ኢንሹራንስና አንድ የሙዚቃ አገልግሎት አብረው አሉ፣ «የመጀመሪያው ወር ነፃ» ተብለው የገቡ። ኢንሹራንሱን አጥፉልኝ ብዬ ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ልጅቷ «እሺ» ብላ ጥቅሉን ወደ ሌላ ጥቅል ቀየረችው። ኢንሹራንሱ ጠፋ። ግን የድሮው ዳታ መጠኔም አብሮ ጠፋ፣ የውል ጊዜዬም ከዜሮ ጀመረ። የድሮው ጥቅል ደግሞ ለአዲስ ደንበኛ መሸጥ ቆሟል፣ አይመለስም አሉኝ። ምን ላድርግ?

---

የብድር_ክፍል

መስመር_2፣ የቴሌኮም ሰው አይደለሁም፣ ግን የሆነው ይገባኛል። አንተ የጠየቅኸው ስረዛ ነበር፣ እሷ የሠራችው የጥቅል ለውጥ ነው። በሲስተም ላይ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ንግግራችሁ ተቀድቶ ከሆነ «ጥያቄዬ የተጨማሪ አገልግሎት ስረዛ ነበር፣ የጥቅል ለውጥ አልጠየቅሁም፣ ለውጡ ይቀልበስልኝ» ብለህ በጽሑፍ አቤቱታ አስገባ። ለሽያጭ የተዘጋ ጥቅልም ቢሆን በስሕተት የወጣን ደንበኛ ለመመለስ መንገድ ሊኖር ይችላል፣ የሚፈቅደው ግን የስልክ ተቀባዩዋ ሳትሆን ከሷ በላይ ያለው ነው። ፈጥነህ ጠይቅ፣ የሚቀጥለው ደረሰኝ ከወጣ በኋላ መቀልበስ ይከብዳል።

---

አንቴና

በቴሌኮሙ ልጨምር፣ ደንበኞች አገልግሎት ሠርቻለሁ። ደረሰኙን ክፈትና ኢንሹራንሱ በራሱ መስመር ነው የተጻፈው ወይስ በጥቅሉ ውስጥ ነው ያለው የሚለውን እይ። በራሱ መስመር ከተጻፈ ለብቻው ይጠፋል፣ ጥቅሉን ማንም መንካት የለበትም። በጥቅሉ ዋጋ ውስጥ ከገባ ግን ለብቻው አይጠፋም፣ ያለው ምርጫ ወደ ሌላ ጥቅል መዞር ብቻ ነው።

የሙዚቃዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ አቅራቢ ናት። እሷን በመጣችበት አጭር ቁጥር የማቆሚያውን ቃል ልከህ ታጠፋታለህ፣ ጥቅሉን አትነካም። መጥፋቷን የሚያረጋግጥ መልእክት ካልመጣ ግን አልጠፋችም። እና ሲደወልህ «ጥቅልዎን ላሻሽልልዎ?» ከተባልክ አይሆንም በል። ማሻሻል የምትለዋ ቃል ናት የውል ጊዜውን የምታስጀምረው።

---

ወርኃዊት

ሽፋኑ «ቀሪ ዕዳ» ይላል። ስለዚህ 3,398 ነው ማለት ነው የሚመለሰው?

አሁን የሚያስፈራኝ የወለዱ ነገር ነው። ኢንሹራንሱን አውጥቼ ወለዱን ቢያስጨምሩብኝስ? ቅርንጫፉ ጠይቄ መደበኛው 16 ነው አሉኝ፣ በቃል ነው ግን።

---

ሒሳብ_ወዳድ

ያንንም እንሥራው። 3,398 ይመለስ እንበል፣ ዝቅተኛውን እንያዝ። ቀሪ ዕዳሽ ከ85,100 ወደ 81,700 ይወርዳል። ይህን በ16 በመቶ በቀሩት 36 ወራት ብትከፍይ ወርኃዊው 2,872 ገደማ ነው። አሁን የምትከፍይው 2,950 ነው። ስለዚህ ወለዱ በአንድ ነጥብ ቢጨምርም በወር 78 ገደማ ትቀንሻለሽ። 4,500 ቢመልሱ ኖሮ ደግሞ 2,834 ነበር የሚሆነው።

ወለዱ ስንት ሲደርስ ነው ጥቅሙ የሚጠፋው ብዬ ሞከርኩት። 4,500 ቢመለስ ወደ 19 ሲጠጋ ነው፣ 3,398 ቢመለስ ደግሞ 18 ላይ። ስለዚህ 16 ካሉሽ አትፍሪ። ግን በቃል የተባለ 16 ምንም አይደለም፣ በጽሑፍ ይስጡሽ።

«ብድሩን ዘግተሽ አዲስ ውሰጂ» የሚለውን ደግሞ በፍጹም። አዲስ ብድር ማለት አዲስ የአገልግሎት ክፍያ፣ ምናልባት የቅድሚያ መዝጊያ ክፍያ፣ ከዚያ ደግሞ አዲስ ጥቅል ነው። ያው ኢንሹራንስ በሌላ በር ይመለሳል።

---

የብድር_ክፍል

ሒሳቡ ትክክል ነው። አንድ የቀረ ነገር አለ፣ እሱን ካልጠየቅሽ በራሱ አይሆንም።

ተመላሹ በእጅሽ አይሰጥም፣ ዕዳው ላይ ነው የሚገባው። ሲገባ ግን ብዙ ባንክ ወርኃዊ ክፍያውን አይነካም። 2,950 እንዳለ ይቀጥላል፣ ብድሩ አንድ ወይም ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ያልቃል። ሰው «ኢንሹራንሱን አወጣሁ፣ ክፍያዬ ግን ያው ነው» ብሎ የሚናደደው ለዚህ ነው። መጥፎ አይደለም፣ እንዲያውም ወለድ ይቆጥባል። ወርኃዊው እንዲቀንስ ከፈለግሽ ግን «እንደገና ይሰላልኝ» ብለሽ መጠየቅ አለብሽ፣ አዲስ ሰንጠረዥም መቀበል አለብሽ።

ደብዳቤውን እንዲህ አድርገሽ ጻፊው፦

«የብድር ውል ቁጥር ...፣ የመድን ሰርተፍኬት ቁጥር ...። ከዚህ ብድር ጋር የተያያዘው መድን ብቻ ከ... ቀን ጀምሮ እንዲሰረዝልኝ እጠይቃለሁ። የብድር ውሉ፣ የክፍያ ጊዜው፣ ካርዱና የሒሳብ አገልግሎቶቹ እንዳሉ ይቀጥሉ። ያልተጠቀምኩበት አረቦን የተሰላበት መንገድ በጽሑፍ ይገለጽልኝ፣ ገንዘቡ ከዋናው ዕዳ ላይ ተቀንሶ ወርኃዊ ክፍያዬ እንደገና ይሰላልኝ። ስረዛው የወለድ መጠኑን ወይም ሌላ የጥቅሉን ክፍል የሚለውጥ ከሆነ፣ ከመፈጸሙ በፊት አንቀጹንና አዲሱን መጠን ጠቅሳችሁ አሳውቁኝ። ያን አይቼ ሳላረጋግጥ ስረዛው እንዳይፈጸም።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንዳታስወጫቸው። ወለዱ ጨምሮ ካየሽው በኋላ መከራከር ሌላ ነገር ነው፣ ሳይጨምር በፊት ማወቅ ሌላ። «ብቻ» የምትለዋንም እንዳትረሻት። «ጥቅሉን መሰረዝ እፈልጋለሁ» ብለሽ ከጻፍሽ ካርዱንም ይዘጉታል፣ ከዚያ በካርዱ የሚቆረጡ ሌሎች ክፍያዎችሽ ሳይከፈሉ ይመለሳሉ።

---

የግል_ሠራተኛ

እኔም እንዲህ ዓይነት ሽፋን አለኝ፣ «ሥራ ብታጣ ይከፍልልሃል» ተብዬ። እኔ ግን የራሴን ሥራ ነው የምሠራው፣ ተቀጣሪ አይደለሁም። ፖሊሲውን ሳነበው «ቀጣሪው በጽሑፍ ሲያሰናብተው» ይላል። ማን ነው የሚያሰናብተኝ? ደብዳቤውን ለኔም ልጠቀምበት?

---

የካሳ_ዴስክ

ወንድሜ፣ አንተ ያን ደብዳቤ አትላክ። ያንተ ጉዳይ ስረዛ አይደለም።

ስረዛ ማለት ሽፋኑ እስከ ዛሬ ሠርቷል፣ ከዛሬ ወዲያ ይቁም ማለት ነው። የሚመለስልህም የወደፊቱ ብቻ ነው። አንተ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ካሳ ልታገኝበት የማትችለው ሽፋን ነው የተሸጠልህ፣ ቢያንስ የሥራ ማጣቱ ክፍል። የአንተ ጥያቄ «አረቦኑ ሙሉ ከተከፈለበት ወለድ ጋር ይመለስ» መሆን አለበት። ስረዛ ብለህ ከፈረምክ ሽፋኑ ይሠራ እንደነበር ተቀብለሃል ብለው ሊከራከሩህ ይችላሉ።

በእንግሊዝ የሆነውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ባንኮች ከብድርና ከክሬዲት ካርድ ጋር ይህንኑ ዓይነት መድን ለዓመታት ሲሸጡ ቆዩ፣ እንዳንተ በግል ለሚሠሩ፣ ለጡረተኞችም ጭምር። በኋላ የተመለሰው ገንዘብ ከ30 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። አቤቱታ ማቅረቢያው የተዘጋው በነሐሴ 29 ቀን 2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እዚያ ያሸነፈው ክርክር «አልፈልገውም» የሚለው አልነበረም። «ለኔ የማይሠራ ነገር ነው የሸጣችሁልኝ» ወይም «ግዴታ ነው ብላችሁ ነው የሸጣችሁልኝ» የሚለው ነው።

---

የግል_ሠራተኛ

የሞቱ ሽፋን ግን ለኔም ይሠራል። ያን ይዤ የሥራ ማጣቱን ብቻ ማስመለስ ይቻላል?

---

የካሳ_ዴስክ

አረቦኑ በሰርተፍኬቱ ላይ ለየብቻ ከተጻፈ፣ የሕይወት ይህን ያህል፣ የሥራ ማጣት ይህን ያህል ተብሎ፣ ይቻላል፣ ክርክሩም ይቀላል። በአንድ ቁጥር ከተጻፈ ክፍፍሉን መጀመሪያ ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ጠይቅ። አንዳንዶቹ ይሰጣሉ፣ አንዳንዶቹ «አይከፋፈልም» ይላሉ። እዚህ ጋ እኔም እርግጠኛ መልስ የለኝም፣ በፖሊሲው ቃል ይወሰናል።

---

ቀጥታ_ተናጋሪ

እሺ፣ ክፍያ መቀነሱን ትቻለሁ፣ ብድር ላይ እንደማይሠራ ገብቶኛል። ግን ያ በማተሚያ ምልክት የተደረገበት ሳጥንስ? እሷ እኮ በእጇ አልመረጠችም። ወርኃዊትም እንደ የግል_ሠራተኛ ሙሉውን መጠየቅ የለባትም?

---

የብድር_ክፍል

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ብሆን እጠይቃለሁ። ግን ለየብቻ አድርጌ ነው። ቀድሞ የተሞላ ሳጥን በብዙ አገሮች ሕግ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም፣ በሌሎች ደግሞ ከሥሩ ፊርማ ካለ በቂ ነው ይባላል። ክርክሩ ረጅም ሊሆን ይችላል። ስረዛው ግን ቀላል ነው፣ በደንቡ ያለ መብት ነው።

ችግሩ ቅድም የካሳ_ዴስክ ያነሣችው ነው፣ ስረዛው ክርክሩን እንዳያዳክመው። ስለዚህ ወርኃዊት፣ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨምሪ። «ይህ ጥያቄ መድኑ ከመጀመሪያው በፈቃዴ ያልተገባ መሆኑን በሚመለከት የማቀርበውን አቤቱታ አያስቀርም።» የማመልከቻውን ቅጂም አሁኑኑ ውሰጂ፣ ያ ሳጥን በግልጽ እንዲታይ አድርገሽ ፎቶ አንሺው።

---

የካሳ_ዴስክ

መስመሯ ጥሩ ናት። በሁሉም ቦታ ትይዛለች ብዬ ግን አልምልም።

---

ወርኃዊት

ደብዳቤውን ለሁለቱም አስገባሁ፣ ባንኩ ጋ የተቀበሉበትን ማኅተም አስመታሁ። መጀመሪያ የተቀበለኝ ልጅ ያንኑ «አይነጠልም» አለኝ። ሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን የስረዛ አንቀጽ ሳሳየው ወደ ኃላፊዋ ወሰደኝ። ኃላፊዋ አንብባ «ይቻላል፣ ግን በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል ነው» አለች።

ዛሬ መልስ መጣ። ተመላሹ 3,398 ነው፣ ሒሳብ_ወዳድ እንዳልከው ቁጥሩ ቁጭ ብሏል። ወለዱ 16 ይሆናል ብለው ጽፈዋል፣ አንቀጹን ጠቅሰው። ካርዱና ሌላው እንዳለ ይቀጥላል። ያልመለሱልኝ ሁለት ነገር ነው፣ ወርኃዊው እንደገና ይሰላ የሚለውንና ሳጥኑን። በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ካላረጋገጥኩ ጥያቄው ይዘጋል ይላል። ልፈርም?

---

የብድር_ክፍል

ከመፈረምሽ በፊት አዲሱን ሰንጠረዥ ጠይቂ። 16 በመቶ በ2,950 ወርኃዊ ከሆነ የሚቀርልሽ ጊዜ ያጥራል፣ ወርኃዊሽ አይቀንስም። የአንቺ ፍላጎት ወርኃዊው እንዲቀንስ ከሆነ ሰንጠረዡ 2,872 አካባቢ ማሳየት አለበት። ያ ቁጥር በወረቀት ላይ ሲመጣ ፈርሚ። ሰባቱ ቀን እንዳያልፍብሽ ደግሞ ዛሬውኑ «ሰንጠረዡን እየጠበቅሁ ነው» ብለሽ በጽሑፍ መልሺላቸው።

---

ሒሳብ_ወዳድ

እና ሰንጠረዡ ሲመጣ መነሻውን እዪ። ከ81,700 በላይ የሚጀምር ከሆነ ተመላሹ ገና አልገባም ማለት ነው፣ ወይም ሌላ ክፍያ ጨምረውበታል። በዚህ መሃል አንድ ወርኃዊ ክፍያ ከከፈልሽ ደግሞ ከዚያም መውረድ አለበት።

---

መስመር_2

የኔ አቤቱታ «ተቀብለናል» የሚል መልእክት መጥቶበታል፣ የውሉ ጊዜ ግን አሁንም ከዜሮ እንደጀመረ ነው የሚያሳየው። የድሮውን ጥቅል የመለሱለት ሰው እዚህ አለ?